አዲስ ባልደረባን በጠቅላላ ስብሰባ ማስተዋወቅ፦ የቡድን መሪው የሁለት ደቂቃ ንግግር ከዝግጅቱ እስከ ማግስቱ

በጠቅላላ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ አዲስ ሰው ሲተዋወቅ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ተመሳሳይ ነው። ስም ይጠራል፣ «በጣም ጎበዝ ናት» ይባላል፣ «እንኳን ደህና መጣሽ በሉልኝ» ተብሎ ይጨበጨባል። ስብሰባው ሲበተን አንዱን ሠራተኛ በር ላይ ይዛችሁ «ይቺ ልጅ ምን ልትሠራ ነው የመጣችው?» ብትሉት መልስ የለውም። ብዙ ጊዜ ስሟም ጠፍቶበታል።

ስለዚህ ንግግሩን ከመጻፋችሁ በፊት ለማን እንደምትናገሩ ወስኑ። ንግግሩ ለአዲሷ ሠራተኛ አይደለም፤ እሷ ማን እንደሆነች ታውቃለች። ለአለቃችሁም አይደለም፤ የቅጥሩን ደብዳቤ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ንግግሩ የሚሆነው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ነገ ጠዋት ሥራ ለሚገባው ሰው ነው። እሱ ይዞት መውጣት ያለበት ደግሞ የአንድ ጥያቄ መልስ ነው፦ «ምን ሲገጥመኝ ነው ወደዚች ሰው የምሄደው?» ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚነሳ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ያለ የዱቄትና የብስኩት ፋብሪካ አለ እንበል። ሁለት መቶ ገደማ ሠራተኛ አለው፤ በሁለት ፈረቃ ይሠራል። እናንተ የጥገና ክፍል ቡድን መሪ ናችሁ። እስካሁን ማሽን ሲቆም ኦፕሬተሩ የሚደውለው ለነባሩ ቴክኒሺያን ነው፤ ጋሽ ውበቱ እንበላቸው። እሳቸው መጋገሪያው ሥር ገብተው ሲሠሩ ወይም ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው ሲተኙ ስልኩ አይነሳም፤ ማሽኑም ቆሞ ይጠብቃል። አሁን አንዲት የጥገና እቅድ ባለሙያ ተቀጥራለች። ስሟን ባንችአምላክ ይሁኔ እንበላት። የጥገና ጥሪ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል፤ እሷ ትመዘግባለች፣ የትኛው እንደሚቀድም ትወስናለች፣ ቴክኒሺያን ትመድባለች። ዓርብ ከሰዓት ጠቅላላ ስብሰባ አለ፤ እናንተም እንድታስተዋውቋት ሁለት ደቂቃ ተሰጥቷችኋል።

አንደኛ፦ አንዷን ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ሌላ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት የጥያቄውን መልስ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። «የጥገና ሥርዓታችንን ታዘምናለች» አይሆንም። የማሸጊያ ኦፕሬተሩ ይህን ሰምቶ ሰኞ ጠዋት ምን ያድርግ? «ማሽን ሲቆም፣ ድምፁ ሲቀየር ወይም ዘይት ሲያንጠባጥብ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነው» ግን ይሆናል። ይህንን የሰማ ሰው እጁ ላይ የሚሠራበት ነገር አለው።

ዓረፍተ ነገሩን መሞከሪያው ቀላል ነው። ከቡድናችሁ ውጪ ላለ ሰው፣ ለምሳሌ ለመጋዘን ሠራተኛዋ፣ አንብቡላት። ከዚያ «እና አንቺ መቼ ነው የምትደውዪላት?» በሏት። ወዲያው ከመለሰች ዓረፍተ ነገሩ ሠርቷል። «ማለት... ጥገና ላይ ናት አይደል?» ካለች ገና ነው።

ከዚሁ ጋር የማይመለከታትንም ነገር አጣሩ። በእኛ ምሳሌ መለዋወጫ የሚያወጣው አሁንም መጋዘን ነው፤ እሷ አይደለችም። እሳትና የኤሌክትሪክ አደጋ ደግሞ ስልክ ተደውሎ ወረፋ የሚያዝበት ጉዳይ አይደለም። ይህ በንግግሩ ውስጥ መግባት አለበት፤ ምክንያቱም «ከሰኞ ጀምሮ ሁሉንም ለእሷ ደውሉ» የተባለ ሰው ጭስ እያየም ቃል በቃል ሊወስደው ይችላል።

የምትናገሩት ነገር ሰኞ ጠዋት እውነት መሆኑንም አረጋግጡ። ስልኩ እጇ ገብቷል? ቁጥሩ ይሠራል? ወንበርና መዝገብ አላት? የሥራ ድርሻዋ በእናንተና በምርት ክፍሉ መካከል ገና ካልተቋጨ በአዳራሽ አታውጁት። ያን ጊዜ ስሟንና ክፍሏን ብቻ ተናግራችሁ ዝርዝሩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አቆዩት። ዛሬ ተነግሮ በሳምንቱ የሚቀየር ድርሻ አዲስ ሰውን ከምንም በላይ ያዳክማል።

ሁለተኛ፦ ከራሷ ጋር ሻይ ጠጡ

ከስብሰባው አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል አብራችሁ ተቀመጡ። ደንቡ አንድ ነው፦ መድረክ ላይ ስለራሷ የምትሰማው ነገር ሁሉ ቀድማ የሰማችውና የተስማማችበት ይሁን።

መጀመሪያ ስሟን ጠይቁ። ቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፤ መጠራት የምትፈልግበት ሌላ ሊሆን ይችላል። እንደ ባንችአምላክ ያለ ረዘም ያለ ስም እኛ ዘንድ ወዲያው ይቆረጣል። በሁለተኛው ቀን «ባንቹ» ትሆናለች። እሷ ይህን ትወደው ይሆናል፤ ወይም እናቷ ብቻ እንዲጠሯት የምትፈልገው ስም ይሆናል። መድረክ ላይ የጠራችሁት ስም ፋብሪካው ውስጥ ይጸናል፤ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ከሰማው በኋላ መመለስ ከባድ ነው። የአባት ስምም ጠይቁ፤ በተለይ በዚያው ስም የምትጠራ ሌላ ሠራተኛ ካለች።

ቀጥሎ ማዕረግ። «ወይዘሪት» ወይም «ወይዘሮ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ስለ ሥራዋ አንድ ቃል ሳትናገሩ ስለ ትዳሯ ተናግራችኋል። ኢንጂነር ከሆነችና መጠራት ከፈለገች «ኢንጂነር» በሉ፤ ካልፈለገች ስሟ ከነአባቷ ይበቃል።

ከዚያ ያለፈ ሥራዋ። የትኛውን ብትናገሩላት ደስ ይላታል? የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ስም ይጠራ ወይስ አይጠራ? ብዙ ሰው ከቀድሞ ቤቱ የወጣበት የራሱ ምክንያት አለው። አንዳንዱም የእናንተው ተፎካካሪ ጋ የነበረ ይሆናል። ስሙን ሳትጠሩ «በምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ፕሮግራም ስታወጣ ቆይታለች» ማለት ይቻላል፤ አድማጩ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደሚያስቸግረው እንምጣ። በእኛ አገር ሰውን ሰው ለማድረግ የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «የየት ልጅ ነህ?» ነው። በፍቅር ነው የምንጠይቀው። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስንጠያየቅ መቀራረቢያ ነው። ከመድረክ ላይ በአለቃ አፍ ሲነገር ግን ሌላ ነገር ይሆናል። «የእንትን ልጅ ናት» ሲባል አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው የተቀጠረችበትን ምክንያት ከእሱ ጋር ማያያዝ ይጀምራል። አገሯ ከአለቃው አገር ጋር ከገጠመ ወሬው ወዲያው ይነሳል፤ ካልገጠመም ሌላ ወሬ ይነሳል። ማን ዘመዷ እንደሆነ፣ የት ደብር እንደምትሳለም፣ ስንት ልጅ እንዳላት መናገርም እንዲሁ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ባለፉት ዓመታት ከተለያየ ቦታ ኑሮው ተናግቶ የመጣ ብዙ ሰው አለ። «ከየት መጣሽ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ለአንዳንዱ ቀላል ታሪክ አይደለም። ይህን መቼና ለማን እንደምትናገር እሷ ትወስን።

የትምህርት ቤት ነገር ትንሽ ይለያል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ተምራ ከሆነ አዳራሹ ውስጥ ያለው ግማሹ መሐንዲስና ቴክኒሺያን የዚያው ግቢ ሰው ሊሆን ይችላል። ፈቃደኛ ከሆነች ብትናገሩት ጥሩ ነው፤ ሻይ ላይ ሰው ወሬ መጀመሪያ ያገኛል። የተመረቀችበትን ዓመት ግን ተዉት። ዕድሜ ማስላት ይጀመራል።

በመጨረሻ «ራስሽ ትናገሪያለሽ ወይስ አልናገርም ትያለሽ?» በሏት። ሁለቱም መልስ ትክክል ነው። እናገራለሁ ካለች ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደሚበቃ ንገሯት።

ሦስተኛ፦ ቅጥሩ የሚነካውን ሰው ቀድማችሁ አግኙ

ብዙ ቡድን መሪ የሚዘለው ይህን ነው። መዘዙም የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

ጋሽ ውበቱ ለዓመታት ስልካቸውን ሲያነሱ ኖረዋል። ፋብሪካው ውስጥ ያላቸው ክብር ግማሹ ያ ስልክ ነው። «ከሰኞ ጀምሮ ለጋሽ ውበቱ አትደውሉ» የሚለውን አዳራሽ ውስጥ ከሌላው ሰው እኩል ከሰሙት የሚሰሙት «ተነሥተዋል» የሚለውን ነው። ከዚያ በኋላ ባንችአምላክ ምንም ብትሠራ ሥራዋ አይሳካላትም። ቴክኒሺያኖቹ እሳቸውን አይተው ነው የሚንቀሳቀሱት።

ስለዚህ ከባንችአምላክ ጋር በተቀመጣችሁበት ቀን ወይም ከዚያ በፊት ጋሽ ውበቱን ለብቻቸው አግኟቸው። ቢሮ አትጥሯቸው፤ እሳቸው ወዳሉበት ሂዱ። ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«ጋሽ ውበቱ፣ ዓርብ አዲሷን የእቅድ ባለሙያ ላስተዋውቅ ነው። ከሁሉም በፊት እርስዎ እንዲሰሙ ፈልጌ ነው። ጥገናውን የሚመሩት እርስዎ ነዎት፤ ይሄ አይነካም። የሚቀየረው ስልኩ ነው።»

«እና ሰው ለእኔ ሲደውል ምን ልበል?»

«ለእሷ ደውሉ ይበሉልኝ። ይሄ ቃል ከእኔ ይልቅ ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ነው የሚሰማው።»

«ሌሊት ቢሆንስ?»

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ወርቅ ነው። አዳራሽ ውስጥም የሚነሳው እሱ ነው። መልስ ከሌላችሁ እዚያው አብራችሁ ፈልጉ። በእኛ ምሳሌ የተስማሙት ሌሊት ስልኩ ከፈረቃ ኃላፊው ጋር እንዲያድር ነው፤ ኃላፊው ጥሪውን መዝግቦ ጠዋት ለባንችአምላክ ያስረክባል።

ቦታውን ፈልጎ ተወዳድሮ ያላገኘ የውስጥ ሠራተኛም ካለ እሱንም አግኙ። አጭር ይሁን፤ ማባበል አያስፈልግም። «ዓርብ እንደማስተዋውቃት ካንተ ጋር አስቀድሜ ልነጋገር ብዬ ነው» ይበቃል። በዚህ ምክንያት ከንግግራችሁ ውስጥ ሁለት ነገር ይወጣል። አንዱ «በመጨረሻ ብቃት ያለው ሰው አገኘን» የሚለው ነው፤ እዚያ የተቀመጡትን ሁሉ ብቃት የላችሁም ማለት ነው። ሌላው ስንት ሰው እንደተወዳደረ መናገር ነው፤ ከተሸነፉት አንዱ አዳራሹ ውስጥ አለ።

አራተኛ፦ «ናት» ወይስ «ናቸው»?

ቢሮ ውስጥ አንቺ እየተባባላችሁ ይሆናል። መድረክ ላይ ግን አስቀድማችሁ መወሰን አለባችሁ። መመዘኛው ያለፈው ስብሰባ ነው። ባለፈው ጊዜ ወንድ ኢንጂነር ሲተዋወቅ «ኢንጂነር እገሌ ይባላሉ፣ ልምድ ያላቸው ባለሙያ ናቸው» ተብሎ ነበር? እንግዲያው እሷን «ትባላለች፣ ጎበዝ ልጅ ናት» ማለት አይቻልም። ዕድሜዋ ትንሽ ስለሆነ ወይም ሴት ስለሆነች አንቱታው ሲወርድ አዳራሹ ይሰማል። ኦፕሬተሮቹም ሰኞ ሲደውሉ በዚያው ልክ ነው የሚያናግሯት። ፋብሪካችሁ ውስጥ ሁሉም ሰው አንተና አንቺ የሚባባል ከሆነ ደግሞ እሷን ብቻ አንቱ ማለት ያርቃታል።

የከፋው መቀላቀሉ ነው። «ኢንጂነር ባንችአምላክ ይባላሉ፤ ከዚህ በፊት ምግብ ፋብሪካ ሠርታለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይታወቅ ይወጣል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ የግሶቹን መጨረሻ ብቻ እያያችሁ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ውረዱ።

አምስተኛ፦ ጻፉት

በመጀመሪያ ሳይዘጋጁ ሲነገር ምን እንደሚመስል እንይ፦

«እሺ... ቀጥሎ አዲስ ልጅ አለችን። ባንቹ ትባላለች። የእኛው አካባቢ ልጅ ናት፤ በጣም ጎበዝ ናት። ኢንተርቪው ላይ ሁላችንንም ነው ያስደነቀችን። ጥገና ላይ የነበረብንን ችግር ሁሉ ትፈታልናለች ብለን እንጠብቃለን። ባንቹ፣ እስቲ ተነሺና ስለራስሽ ትንሽ በይን።»

ይህን የተናገረው ሰው ክፉ አላሰበም። ግን ስሟ ተቆርጧል፣ አካባቢዋ ተነግሯል፣ «የነበረብን ችግር ሁሉ» ሲል ጋሽ ውበቱ ችግር ሆነዋል። «ሁሉንም ትፈታለች» የሚለው ደግሞ በእሷ ላይ የተጫነ ዕዳ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ፊት በተገባላት ቃል ልትመዘን ነው፤ ቃሉን የገባችው ግን እሷ አይደለችም። በነገራችን ላይ የሙከራ ጊዜ ላይ መሆኗንም ከመድረክ አትናገሩ። የእሷና የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው፤ ኦፕሬተሩ ሲሰማው «ትቆይ አትቆይ ምን አውቄ» ብሎ ወደ ድሮው ስልክ ይመለሳል።

አሁን የተዘጋጀውን እንይ፦

«እንደምን ዋላችሁ። ከጥገና ክፍል ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የምወስደው።

እስከ ዛሬ ማሽን ሲቆም የምንደውለው ለጋሽ ውበቱ ነው። ቀንም ሌሊትም አንሥተውልናል። ግን እሳቸው መጋገሪያው ሥር ሆነው ሲሠሩ ስልክ ማንሣት አይችሉም። ያን ጊዜ ማሸጊያው ቆሞ ይጠብቃል፤ ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ከሰኞ ጀምሮ ጥሪ የሚቀበልልን ራሱን የቻለ ባለሙያ አለን። ኢንጂነር ባንችአምላክ ይሁኔ ይባላሉ። የጥገና እቅድ ባለሙያ ናቸው። ከዚህ በፊት በምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ውስጥ የማሽኖችን ጥገና ፕሮግራም ሲያወጡ ቆይተዋል።

ማሽን ሲቆም፣ ድምፁ ሲቀየር ወይም ዘይት ሲያንጠባጥብ ለኢንጂነር ባንችአምላክ ደውሉ። ሦስት ነገር ይጠይቋችኋል። የትኛው ማሽን ነው? መቼ ጀመረ? ጨርሶ ቆሟል ወይስ እየሠራ ነው? ስልክ ቁጥራቸው ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ በየማሽኑ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ሌሊት በዚያው ቁጥር የፈረቃ ኃላፊው ያነሣል። ጥገናውን የሚመሩት ጋሽ ውበቱ ናቸው፤ እሱ አልተቀየረም።

ጭስ ወይም የኤሌክትሪክ አደጋ ካያችሁ ግን መጀመሪያ ማሽኑን አጥፉ፣ ሰው አርቁ፣ ጥበቃ ጥሩ። ስልኩ ከዚያ በኋላ ነው።

ኢንጂነር ባንችአምላክ፣ እንኳን ደህና መጡ። በሻይ ሰዓት ከጋሽ ውበቱ ጋር እዚህ በሩ አጠገብ ታገኟቸዋላችሁ።»

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ስሟ የመጣው ሰው የሚያውቀው ችግር ከተነገረ በኋላ ነው። ጆሮው ተከፍቶ ሲጠብቅ ስሙ ሲመጣ ይይዘዋል፤ መጀመሪያ ላይ የተወረወረ ስም ግን ወንበር ሲስተካከል ያልፋል። ስሟ ደጋግሞ ተጠርቷል፣ ሁልጊዜም በዚያው አጠራር። «ጎበዝ» የሚል ቃል የለም። ሦስቱ ጥያቄዎች ግን ሥራውን የምታውቅ ሰው መሆኗን ከማንኛውም ሙገሳ በላይ ይናገራሉ። ጋሽ ውበቱ ሦስት ጊዜ ተጠርተዋል፤ አንዴ በምስጋና፣ አንዴ በሥልጣናቸው፣ አንዴ ከእሷ ጎን።

ዘይት ሲያንጠባጥብ የሚለውን ለምን አስገባነው? ማሽን ከቆመ በኋላ መደወልማ ሁሉም ያውቃል። እቅድ ባለሙያ የተቀጠረችው ሳይቆም በፊት እንዲሰማ ነው። ይህን በማብራሪያ ብትነግሩት አዳራሹ ያዛጋል፤ በአንድ ምልክት ብታስገቡት ይገባዋል።

ስድስተኛ፦ ጊዜውንና ቦታውን እወቁ

ጮክ ብላችሁ አንብቡትና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በልብ ማንበብ አይቆጠርም፤ ሁልጊዜ ያጥራል። ከሁለት ደቂቃ ካለፈ የሚቆረጠው ያለፈ ሥራዋ ነው፤ ደውሉ የሚለው ክፍል አይነካም።

ከዚያ ስለ አዳራሹ አስቡ። የባሕር ዳር ፋብሪካ አዳራሽ ብዙ ጊዜ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድበት ማይክ ያለውም አይሰማም። ክረምት ከሆነ ስብሰባ መሪውን ጠዋት እንዲያደርገው ወይም እናንተን ከመጀመሪያዎቹ እንዲያስቀድማችሁ ጠይቁ። ስብሰባው ጣና ዳር ባለ ሆቴል ግቢ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ጀርባችሁን ለሐይቁ ሰጥታችሁ ቁሙ፣ ማይኩን ወደ አፋችሁ አስጠጉት፣ ወረቀቱንም ጠንካራ ካርቶን ላይ አድርጉት።

በአጀንዳው ውስጥ ያለው ቦታም ይወስናል። ስለ ደመወዝ ጭማሪ ወይም ስለ ቦነስ ከተነገረ በኋላ አትግቡ፤ ሰው ዜናውን ከጎኑ ካለው ጋር እያወራ ነው። መጨረሻም አትሁኑ። ሰርቪሱ ሞተር ካስነሣ በኋላ ማንም አይሰማም።

የሌሊት ፈረቃው አዳራሹ ውስጥ አይኖርም። እነሱ ደግሞ ስልኩን በጣም የሚፈልጉት ናቸው። ያንኑ ንግግር በዚያው ቀን ፈረቃ ሲቀያየር እዚያው ማሽኑ አጠገብ ድገሙት፤ ባንችአምላክም ትገኝ።

ሰባተኛ፦ መድረኩ ላይ

ወረቀት መያዝ ነውር የለውም። ስሟን ስትጠሩ ግን ወረቀቱን አትዩ። የሰው ስም ከወረቀት ሲነበብ «እኔም አላውቃትም» ማለት ነው።

እሷ ከመጀመሪያው ከጎናችሁ አትቁም። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ስለራስ ሲወራ እጅን የት እንደሚያደርጉት ይጠፋል፤ ሰውም ንግግሩን ትቶ ልብሷን ያያል። ከፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ። ስሟ ሲጠራ ትነሣ፣ ወደ አዳራሹ ትዙር፣ እናንተም ትንሽ ዝም በሉ። ከኋላ ያለው ሰው አንገቱን አስግጎ እስኪያይ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ትቀመጥ። እናገራለሁ ብላ ከሆነ ማይኩ የሚሰጣት መጨረሻ ላይ ነው። አልናገርም ካለች ደግሞ አዳራሹ «ትናገር! ትናገር!» ቢልም አትስጧት። «ሻይ ላይ ታገኟቸዋላችሁ» ብላችሁ ዝጉት። ሐሙስ የሰጣችኋትን ቃል መጠበቃችሁን የምታየው እዚያ ላይ ነው።

ከሰው መካከል «የየት አገር ልጅ ናት?» የሚል ድምፅ ሊነሣ ይችላል። አትቆጡ፣ ትምህርትም አትስጡ። «እሱን ከራሳቸው ትሰማላችሁ፤ እኔ ሥራቸውን ነው የምነግራችሁ» በሉና ወደ ስልክ ቁጥሩ ተመለሱ። ማይክ ቢጠፋ ደግሞ ወደ መሐል ገብታችሁ ያቺን አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። የቀረው ቢቀር ግድ የለም።

ስምንተኛ፦ ሰኞ

ሰኞ ጠዋት ከፈረቃው በፊት የስልክ ቁጥሩ በየማሽኑ ላይ መለጠፉን በዓይናችሁ እዩ። መጋገሪያው አካባቢ ሙቀትና የዘይት እንፋሎት አለ፤ ተራ ወረቀት በፕላስተር ከለጠፋችሁ በቀናት ውስጥ ይረግፋል። ላሚኔት አድርጉት፣ ከሞቃቱ ክፍል ራቅ አድርጋችሁ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው አጠገብ ስቀሉት።

ማስተዋወቁ መሥራቱን የምታውቁት በጭብጨባው አይደለም። ሁለት ቁጥር ያዙ፦ በሳምንቱ ውስጥ ለባንችአምላክ የመጣ ጥሪ ስንት ነው? አሁንም ለጋሽ ውበቱ የተደወለው ስንት ነው? ጋሽ ውበቱ በስልካቸው ላይ የገባውን ጥሪ አይተው ሊነግሯችሁ ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙው አሁንም ወደ እሳቸው ቢሄድ አትደንግጡ። እጅ የለመደው ቁጥር ነው። እሳቸው «ለኢንጂነር ባንችአምላክ ደውል» ብለው ስልኩን እስከዘጉ ድረስ ይስተካከላል። ችግር የሚሆነው እሳቸው ዝም ብለው ሄደው መሥራት ሲጀምሩ ነው። ያን ጊዜ ኦፕሬተሩን አትውቀሱ፤ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተመልሳችሁ ከጋሽ ውበቱ ጋር እንደገና ተቀመጡ፤ ያልተነገረ ቅሬታ አለ ማለት ነው።

ጥሪው ወደ እሷ እየመጣ ግን የማይመለከታት ነገር ከበዛ፣ ለምሳሌ «አምፖል ተቃጠለ»፣ «መለዋወጫ አውጪልኝ» የሚል ከሆነ፣ የተበላሸው የእናንተ ዓረፍተ ነገር ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሠላሳ ሰከንድ ጠይቁና አስተካክሉት፦ «አምፖልና መብራት ለግቢ አገልግሎት፣ መለዋወጫ ለመጋዘን፤ ማሽን ብቻ ለኢንጂነር ባንችአምላክ።» በማሽኖቹ ላይ የተለጠፈውንም በዚያው ቀን ቀይሩት።